ከታች የተለጠፈው ቁጥር፦ የላፕቶፕ ሞዴል ኮድ አነባበብ

ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ያቀረበው ቲንክፓድ T470 በአንድ ስምና በአንድ ቀፎ ሁለት የተለያዩ የፕሮሰሰር ትውልዶችን ይዞ ወጥቷል። ክዳኑ አንድ ነው፤ ኪቦርዱና የገመድ መሰኪያዎቹም አንድ ናቸው። ከፊሉ ግን በኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ ከፊሉ ደግሞ በሰባተኛው ይሠራል። መነሻው ማይክሮሶፍት በጥር 2016 ያወጣው መግለጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ፕሮሰሰሮች የሚደገፉት በዊንዶውስ 10 ብቻ ይሆናል አለ። በወቅቱ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ገና በዊንዶውስ 7 ይሠሩ ስለነበር፣ ሌኖቮ ለእነሱ ስድስተኛ ትውልድ ያለበትን T470 ለይቶ ሠራ። መሥሪያ ቤቶቹ ማሽኖቹን በአዲስ ሲተኩ ሁለቱም ዓይነት ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገባ። እዚያ የሚሸጡት “T470፣ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ” በሚል አንድ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው ውሸት አይደለም፤ የጎደለ ነው። የጎደለው ነገር ከላፕቶፑ ሆድ ሥር በተለጠፈች ትንሽ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በቲንክፓድ ላይ ይህ ጽሑፍ TYPE ወይም MTM ከሚል ቃል ቀጥሎ የሚመጣ አሥር ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከጎኑ S/N የሚል የመለያ ቁጥር አለ። መለያ ቁጥሩ የአንድ ማሽን ብቻ ሲሆን፣ የሞዴል ኮዱ ግን በአንድ ዓይነት ዕቃዎች ለተገጣጠሙ ማሽኖች ሁሉ የጋራ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው “T470” ከሁለቱም አንዱን አይተካም። እሱ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው።

ከአሥሩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራት የማሽኑን ዓይነት ይነግራሉ። ሰባተኛ ትውልድ ያለው T470 የሚጀምረው በ20HD ወይም በ20HE ነው። ስድስተኛ ትውልድ ያለው ደግሞ በ20JM ወይም በ20JN ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት T470 ጎን ለጎን ተቀምጠው ገልብጦ አራት ምልክት ማንበብ ብቻ የፕሮሰሰራቸውን ትውልድ ይለያል፤ ማብራት እንኳ አያስፈልግም።

ነገር ግን እነዚህ አራት ምልክቶች ሁልጊዜ ያን ያህል አይናገሩም። በ2018 የተከተለው T480 በ20L5 ወይም በ20L6 ይጀምራል። ከእነዚህ በአንዱ ሥር i5-8250U ያለውም፣ i5-8350U ያለውም፣ i7-8650U ያለውም ማሽን ይገኛል። እዚህ አራቱ ምልክቶች ቀፎውንና ማዘርቦርዱ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ብቻ ስለሚለዩ ፕሮሰሰሩን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ቀሪዎቹ ስድስት ምልክቶች አንድ የተወሰነ ስብጥር ያመለክታሉ፦ ይህ ፕሮሰሰር፣ ይህን ያህል ራም፣ ይህ ዲስክ፣ ይህ ስክሪን። በመካከላቸው ያሉት ፊደላት ግን በራሳቸው ትርጉም የላቸውም። ከእነሱ ውስጥ 8 የሚል አኃዝ አይቶ “8 ጊጋ ራም” ብሎ መገመት ትልቅ ስህተት ነው። ኮዱ የሚፈታው ከአምራቹ ዝርዝር ጋር በማመሳከር ነው። ሌኖቮ ለዚህ psref.lenovo.com የተባለ ክፍት ማውጫ አለው፤ ሙሉው ኮድ ሲጻፍ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሁሉ ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ የታሰበለትን አገር ያሳያሉ፤ US አሜሪካ፣ UK እንግሊዝ፣ GE ጀርመን ማለት ነው። ይህ ለአፈጻጸሙ ግድ ባይሰጠውም የኪቦርዱን አቀማመጥ አስቀድሞ ይጠቁማል።

ማውጫው መልስ የማይሰጥባቸው ኮዶችም አሉ። CTO1WW የሚል ከተከተለ ማሽኑ ገዢው ዕቃዎቹን እየመረጠ ያዘዘው ነው፤ ኮዱ በመቶዎች ለሚቆጠሩ የተለያዩ ስብጥሮች አንድ ስለሆነ ስለ ራሙም ስለ ዲስኩም አንዳች አይናገርም። ከአራቱ ምልክቶች ቀጥሎ S የሚመጣባቸው ብዙ ኮዶችም ለትልልቅ ድርጅቶች በልዩ ውል የተሠሩ በመሆናቸው በማውጫው ላይገኙ ይችላሉ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ሁለቱ በብዛት ይታያሉ። ያኔ የሚረዳው የመለያ ቁጥሩ ነው። በሌኖቮ የድጋፍ ገጽ pcsupport.lenovo.com ላይ መለያ ቁጥሩ ሲገባ የዚያ የአንዱ ማሽን የፋብሪካ ዝርዝር ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው ስለ ትናንት ነው። የሞዴል ኮድ የማሽኑ የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አይመዘግብም። ፕሮሰሰሩ በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ማዘርቦርዱ ካልተለወጠ በቀር ኮዱ ስለ እሱ የሚለው ዛሬም እውነት ነው። ራምና ዲስክ ግን በጥቂት ብሎኖች የሚወጡና የሚገቡ ናቸው። የሞዴል ኮዱ ስለ እነሱ የሚለው የመነሻ መረጃ ብቻ ስለሆነ፣ አሁን ያሉት ዕቃዎች በራሳቸው ኮድ አንድ በአንድ መነበብ አለባቸው።

የፕሮሰሰሩ ኮድ ከሁሉም ግልጹ ነው። i5-8350U ከሚለው ውስጥ i5 ደረጃውን ይነግራል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱ፣ ማለትም በገበያው ቋንቋ “ጀነሬሽኑ” ነው። 350 በዚያ ትውልድ ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያል። መጨረሻ ላይ ያለው U አነስተኛ ኃይል የሚበላ፣ ለቀጭን ላፕቶፕ የተሠራ መሆኑን ይገልጻል። ከአሥረኛው ትውልድ ጀምሮ ትውልዱ በሁለት አኃዝ ይጻፋል። ስለዚህ i5-10210U አሥረኛ ነው፤ i5-1135G7 ደግሞ አሥራ አንደኛ እንጂ አንደኛ አይደለም።

በዚህ ኮድ ውስጥ ሰዎችን በጣም የሚያሳስተው i5 እና i7 የሚለው ነው። ደረጃው ትርጉም የሚኖረው በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲነጻጸር ነው። በT470 ላይ የሚገኘው i7-7600U ሁለት ኮር ብቻ አለው። በT480 ላይ የሚገኘው i5-8250U አራት ኮር አለው። ኢንቴል በስምንተኛው ትውልድ በዚህ የU መደብ የኮሮቹን ቁጥር በእጥፍ ስላሳደገ፣ ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለሚከፍት ሰው “ዝቅተኛው” አይ ፋይቭ ከቀድሞው አይ ሰቨን ይበልጣል።

የጊጋኸርዝ ቁጥሩም በተመሳሳይ መንገድ ያታልላል። ዊንዶውስ i5-7300U ያለውን ማሽን ከ2.60 ጊጋኸርዝ ጋር ያሳያል፤ i5-8250U ያለውን ግን ከ1.60 ጋር። ይህን ያየ ገዢ አሮጌው ፈጣን ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የሚታየው ቁጥር ግን የመነሻ ፍጥነት ነው፤ አራት ኮሮች በአንድ የኃይል ገደብ ውስጥ ሲሠሩ መነሻው ዝቅ ይላል። ሥራ ሲበዛ i5-7300U እስከ 3.5፣ i5-8250U ደግሞ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይወጣሉ። በከፍተኛው ፍጥነት ሊተካከሉ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ሁለተኛው ግን በእጥፍ ኮር ነው።

ትውልዱ ከፍጥነት ያለፈ ውጤትም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መነሻው ስምንተኛው ትውልድ ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በመሆኑም T470፣ ስድስተኛም ሆነ ሰባተኛ ትውልድ ይሁን፣ ወደ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይሸጋገርም፤ T480 ከስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጋር ይሸጋገራል። በ7 እና በ8 መካከል ያለችው አንዲት አኃዝ ከዋጋው ልዩነት በላይ የምታመዝነው እዚህ ላይ ነው።

ራም ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ከስሙ ጫፍ ያለችው s ናት። T470 እና T480 ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው፤ ሁለቱም ራሞች ይነቀላሉ፣ ይለወጣሉ። በ20HF፣ በ20HG፣ በ20JS ወይም በ20JT የሚጀምረው T470s፣ እንዲሁም በ20L7 ወይም በ20L8 የሚጀምረው T480s ግን ከራሙ ከፊሉ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን ማስገቢያቸው አንድ ብቻ ነው። ቀጠን ብለው ቢያምሩም የተበየደው ራም ከተበላሸ ዱላውን ነቅሎ እንደ መተካት ቀላል አይሆንም።

ከዚያ ቀጥሎ መጠኑ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡ ይጠየቃል። 8 ጊጋ በአንድ ዱላ ከሆነ ሌላው ማስገቢያ ባዶ ስለሆነ ሌላ 8 ጨምሮ 16 ማድረስ ይቻላል። 8 ጊጋ በሁለት ባለ 4 ዱላ ከሆነ ግን 16 ለማድረስ ሁለቱም ወጥተው ሁለት አዲስ መገዛት አለባቸው፣ ወይም ቢያንስ አንዱ በባለ 12 ሳይሆን በትልቁ ተተክቶ ያልተመጣጠነ ጥንድ መቀበል ነው። በራሙ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ለምሳሌ 8GB 1Rx8 PC4-2400T-SA1-11 ይላል። ከዚህ ውስጥ ለገዢ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው፦ 8GB መጠኑ፣ PC4 ዲዲአር 4 መሆኑ፣ 2400 ደግሞ የፍጥነት መደቡ። ከቲው ቀጥሎ ያለው S የላፕቶፕ ራም መሆኑን ይገልጻል። 2400 የተጻፈበት ራም i5-7300U ባለው ማሽን ላይ ቢገባ ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በ2133 ያሠራዋል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርም።

የዲስክ ኮድ ይበልጥ አጭር መልስ ይሰጣል፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ውስጥ ተጽፏል። የሲጌት ST500LM021 ባለ 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። በሳምሰንግ ኤስኤስዲዎች ላይ MZ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ምልክት ዓይነቱን ይለያል። MZ7LN256 ብሎ የሚጀምረው ሳታ የሚባለውን የቆየ መስመር የሚጠቀም ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ነው። MZNLN256 ቀጭን ዱላ ቢሆንም በዚያው በሳታ የሚሠራ ነው። MZVLW256 ግን ኤንቪኤምኢ ነው። ሦስቱም “256 ኤስኤስዲ” ተብለው ይሸጣሉ። ሳታ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት አካባቢ አያልፍም፤ ኤንቪኤምኢ ትልልቅ ፋይል ሲያነብ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ይሰማል።

ከዊንዶውስ ጋር የተያያዘ አንድ ግራ መጋባትም አለ። 256 ጊጋ የተባለው ዲስክ በስክሪን ላይ 238 ሆኖ ይታያል፤ 512 ደግሞ ወደ 476 ይወርዳል። የጠፋ ነገር የለም። አምራቹ አንድ ጊጋ የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር ያው ዲስክ በአነስተኛ ቁጥር ይገለጻል።

ላፕቶፑን ሳይፈቱ እነዚህን ኮዶች ለማየት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ባዮስ ነው። ቲንክፓድ ሲበራ የሌኖቮ ምልክት ላይ እያለ F1 ሲጫኑ የሚከፈተው የመጀመሪያ ገጽ የሞዴል ኮዱን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን ጠቅላላ መጠን ያሳያል። ሁለተኛው በዊንዶውስ ውስጥ ፓወርሼል ከፍቶ የሚከተሉትን ሦስት መስመሮች ማስገባት ነው።

```
Get-CimInstance Win32_ComputerSystemProduct | Select Name, Version, IdentifyingNumber
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory | Select DeviceLocator, Capacity, PartNumber
Get-PhysicalDisk | Select FriendlyName, MediaType, BusType
```

በቲንክፓድ ላይ የመጀመሪያው መስመር በName ሥር የሞዴል ኮዱን፣ በVersion ሥር “ThinkPad T470” የሚለውን ስም፣ በIdentifyingNumber ሥር መለያ ቁጥሩን ያወጣል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የራም ዱላ አንድ ረድፍ ይሰጣል፤ መጠኑ በባይት ስለሆነ 8589934592 ማለት 8 ጊጋ፣ 4294967296 ማለት 4 ጊጋ ነው። ሦስተኛው የዲስኩን ስም፣ ኤስኤስዲ ወይም ሃርድ ዲስክ መሆኑን፣ እንዲሁም SATA ወይም NVMe የሚለውን ያሳያል።

አሁን ሦስት ማሽኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል እንበል፤ ሁሉም “ቲንክፓድ፣ አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ፣ 256” ተብለዋል። የመጀመሪያው ሲገለበጥ ኮዱ በ20JM ይጀምራል፤ ባዮሱ i5-6300U ይላል። ራሙ አንድ ረድፍ፣ ዲስኩ MZ7LN256 ነው። የሁለተኛው ኮድ በ20HD ጀምሮ በCTO1WW ያልቃል፤ ባዮሱ i5-7300U፣ ራሙ ሁለት ባለ 4 ረድፍ፣ ዲስኩ MZVLW256። ሦስተኛው በ20L5 ይጀምራል፤ ባዮሱ i5-8250U፣ ራሙ አንድ ረድፍ፣ ዲስኩ በሳታ የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው በዲስክ ፍጥነት ይበልጣል። በፕሮሰሰር ግን ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር ናቸው። ራም ለመጨመር የመጀመሪያው ይቀላል፣ ባዶ ማስገቢያ አለውና። ስለዚህ ሻጩ ለ“ሰባተኛ ጀነሬሽን” ብቻ ብዙ ገንዘብ ቢጨምር ያ ጭማሪ አያዋጣም። ሦስተኛው ሌላ ደረጃ ላይ ነው፦ አራት ኮር፣ ዊንዶውስ 11፣ ባዶ የራም ማስገቢያ። ቀርፋፋው ነገር ዲስኩ ብቻ ሲሆን እሱ ደግሞ ከሦስቱ ዕቃዎች በቀላሉ የሚለወጠው ነው። ሦስተኛውን ኮድ ሳያነቡም መጠርጠር ይቻላል፤ T470 ከጎኑ አራት ማዕዘን የቻርጀር መሰኪያ አለው፣ T480 ግን በዩኤስቢ ሲ ብቻ ይሞላል። በ20JM እና በ20HD መካከል ግን እንዲህ ያለ የዓይን ምልክት የለም።

በሌሎች አምራቾች ዘንድ መርሁ ያው ሆኖ አጻጻፉ ይለያል። በኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ስም ጫፍ የሚመጣው G የቀፎው ተራ ነው እንጂ የኢንቴል ትውልድ አይደለም። 840 G3 ባለ ስድስተኛ ትውልድ ሲሆን፣ 840 G5 እና እሱን የሚመስለው G6 ደግሞ በስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይገኛሉ። G5ን “አምስተኛ ጀነሬሽን” ብሎ መሸጥም መግዛትም ከዚህ የሚመጣ ስህተት ነው። የኤችፒ የምርት ቁጥር መጨረሻ ላይ ከ# ቀጥሎ ሦስት ፊደል ይመጣል፤ ABA የአሜሪካ፣ ABU የእንግሊዝ፣ ABV የዓረብኛ ኪቦርድ ያለው ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኢትዮጵያ በሚገቡ ማሽኖች ላይ ABV ቢገኝ አያስገርምም። ዴል በበኩሉ የሰባት ምልክት ሰርቪስ ታግ ይለጥፋል፤ በድጋፍ ገጹ ላይ ሲገባ የፋብሪካው ስብጥር ይወጣል።

የኤኤምዲ ራይዘን ኮድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰባት ሺህ ተከታታይ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ የመጀመሪያው አኃዝ የሚያሳየው የወጣበትን ዓመት ነው፤ የውስጥ አሠራሩን ዕድሜ የሚናገረው ሦስተኛው ነው። ራይዘን 5 7520U እና ራይዘን 5 7540U በስም ወንድማማች ቢመስሉም የመጀመሪያው ዜን 2፣ ሁለተኛው ዜን 4 የተባለው አሠራር አላቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ትውልድ አለ።

መጨረሻ ላይ የኮዱ እምነት የሚፈተነው ሁለት ጽሑፎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በT470 እና በT480 ላይ ኮዱ የተለጠፈበት የታችኛው ክዳን በብሎን የሚፈታ ክፍል ስለሆነ፣ ከተሰነጠቀ ከሌላ ማሽን በመጣ ክዳን ይተካል፤ ጽሑፉም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ በክዳኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር በባዮስ ውስጥ ካለው ጋር መመሳከር አለበት። ካልተስማሙ በማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደው ነገር የሚታመነው ባዮሱ ነው፤ ክዳኑ የሌላ ማሽን ታሪክ ነው። በባዮስ ውስጥ መለያ ቁጥሩ INVALID የሚል ወይም ባዶ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ተለውጦ ቁጥሩ ሳይጻፍበት የቀረ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሞዴል ኮዱ በምንም ነገር ላይ ምስክር መሆኑ ያበቃል፤ የቀረው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን በየራሳቸው ስም ማንበብና ዋጋውን በእነሱ ላይ መነጋገር ነው። በመዳፍ ማሳረፊያው ላይ የተለጠፈው የኢንቴል ስቲከር ግን በማንኛውም ሁኔታ ማስረጃ አይሆንም፤ ተነቅሎ የሚለጠፍ ወረቀት ነው።